የዲዛይነር ሲቪ እንዴት ይነበባል? ከመራጩ ወገን ያየሁት

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት በግራፊክ ዲዛይነርነት እሠራለሁ። ድርጅቱ አዲስ ዲዛይነር ሲፈልግ የሚመጡትን ሲቪዎች የምናጣራው እኔና የሰው ሀብት ክፍል ባልደረባችን ነን። ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ስለ ዲዛይነር ሲቪ ያለኝ አስተያየት በጣም ተለውጧል። ሲቪ የሚያዘጋጅ ሰው ወረቀቱ የሚያልፍበትን መንገድ ቢያውቅ ብዙ ድካም ይቀንስለታል ብዬ ስለማስብ ያየሁትን ልጻፍ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ማስታወቂያው ቴሌግራም ላይ ይወጣል፣ ሲቪው በኢሜይል ይመጣል። መጀመሪያ የምትከፍተው ባልደረባዬ ናት፤ ብዙ ጊዜም በስልኳ። ዲዛይነር አይደለችም። የምትፈልገው ነገር ጥቂት ነው፦ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የት እንደሠራ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን እንደተማረ። እነዚህን ካገኘች በቢሮው ጥቁርና ነጭ ፕሪንተር ታትመዋለች። የታተመው ክምር ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ደግሞ ወረቀቱን በአንድ እጄ ይዤ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ፖርትፎሊዮውን ፍለጋ እገባለሁ።

ስለዚህ አንድ ሲቪ በስልክ፣ በጥቁርና ነጭ ወረቀት እና በኮምፒውተር ላይ ይታያል ማለት ነው። ብዙ ዲዛይነሮች ግን ሲቪያቸውን የሚሠሩት በትልቅ ስክሪን ላይ፣ በሙሉ ቀለም፣ ለሌላ ዲዛይነር እንደሚያሳዩት አድርገው ነው።

አንድ ጊዜ ባልደረባዬ አንድ ወረቀት ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። «ስማ፣ የዚህ ልጅ ስም ማን ነው?» አለችኝ። ስሙ የተጻፈው በተጠማዘዘ የጌጥ ፎንት፣ በጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ነው። ፕሪንተሩ መደቡን ጥቁር አድርጎታል፣ ፊደሎቹም መደቡ ውስጥ ሰጥመዋል። እኔ ትንሽ ታግዬ አነበብኩት። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ እንዲህ እያደረገች ልትውል አትችልም። ሥራው መጥፎ አልነበረም፤ በስክሪን ላይ ሳየው እንዲያውም ያምራል።

አሁን ወደ አንድ ምሳሌ ልግባ። እኛ ጋ ኢንተርንሺፕ የሠራች አንዲት ልጅ ሥራ መፈለግ ስትጀምር ሲቪዋን እንድመለከትላት አመጣችልኝ። ችሎታ አላት፤ በተለይ ማሸጊያና አርማ ላይ እጇ ጥሩ ነው። ሲቪዋ ግን ከበይነመረብ ላይ የምናውቀውን ቅርጽ የያዘ ነበር። በግራ በኩል የገጹን ሢሶ የያዘ ጥቁር ሰማያዊ ዓምድ አለ። በላዩ ክብ ፎቶ፣ ከሥሩ የፎቶሾፕና የኢላስትሬተር ችሎታን በመቶኛ የሚያሳዩ አግድም መስመሮች፣ ከዚያ ትናንሽ አይከኖች። በቀኝ በኩል የሥራ ልምዱ በ7.5 ፖይንት፣ በቀጭንና ፈዛዛ ግራጫ ፊደል ተጽፏል። ፖርትፎሊዮ የሚባለው ነገር ደግሞ ከታች ጥግ ላይ ያለች አንዲት የቢሃንስ አይከን ናት። አድራሻ የለም።

ስለ መልኩ ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር አስደረግኋት። ፒዲኤፉን ከፍታ ሁሉንም በ Ctrl+A መርጣ፣ ቀድታ፣ ኖትፓድ ላይ እንድትለጥፈው። ምንም አልወጣም። ባዶ ገጽ። ጽሑፉን ሁሉ Create Outlines አድርጋ ወደ ቅርጽ ቀይራዋለች። «ለምን?» ስላት መልሷ በጣም የሚገባ ነበር፦ «ማተሚያ ቤት ሁልጊዜ አውትላይን አድርገሽ አምጪ ይሉናል እኮ!»

እውነቷን ነው። ማተሚያ ቤት የእኛ ፎንት ስለማይኖረው ፋይሉን ሲከፍተው ፊደሉ እንዳይቀያየር አውትላይን ይጠይቃል። ለብሮሸርና ለባነር ትክክል ነው። ለሲቪ ግን አያስፈልግም፤ ፒዲኤፍ ሲወጣ ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አብሮ ይገባል። አውትላይን የተደረገ ሲቪ ለኮምፒውተር ሥዕል ነው። ባልደረባዬ ኢሜይሏ ውስጥ «ፓኬጂንግ» ብላ ብትፈልግ አይመጣላትም። ስልክ ቁጥሩን ቀድታ ልትደውል ብትሞክር አይቀዳም። በተለይ ወደ ውጭ አገር ድርጅት ወይም ለርቀት ሥራ ሲላክ፣ ብዙዎቹ ሲቪውን መጀመሪያ የሚቀበሉት ጽሑፉን ለቅሞ በየሳጥኑ በሚያስገባ ሶፍትዌር ነው። እዚያ ጋ ሥዕል ምንም አይናገርም።

አውትላይን ያልተደረገውን ፋይል ከኮምፒውተሯ አገኘችና እንደገና አወጣችው። አሁን ጽሑፉ ወጣ፤ ግን ቅደም ተከተሉ ተምታታ። «ስልክ 2022–2023 ፎቶሾፕ ጁኒየር ዲዛይነር እንግሊዝኛ ማተሚያ ቤት» የሚል ነገር። ይህ የሁለት ዓምድ ጣጣ ነው። ኢላስትሬተር ላይ ጽሑፉ የሚቀዳው ብዙ ጊዜ ሳጥኖቹ በተደራረቡበት ቅደም ተከተል እንጂ ዓይናችን በሚሄድበት አይደለም። ሁለት ዓምድ ክልክል ነው እያልኩ አይደለም። ኢንዲዛይን ላይ ተጠንቅቆ የተሠራ ሁለት ዓምድ በትክክል ይቀዳል። ለማወቅ ግን ያው ኖትፓድ ላይ መለጠፍ ነው። ከላይ እስከ ታች ተነቦ ትርጉም ከሰጠ ሰውም ሶፍትዌርም ያነበዋል።

ልጅቷ ሲቪዋን በእንግሊዝኛም በአማርኛም አዘጋጅታ ነበር፤ አንዳንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የአገር ውስጥ ድርጅት በአማርኛ ስለሚጠይቅ። የአማርኛው ሲለጠፍ የወጣው ነገር ደግሞ የባሰ ነበር፦ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ። ምክንያቱ ፎንቱ ነው። ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩት የግዕዝ ፎንቶች የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። ዓይን «ሀ» ያያል፣ ኮምፒውተሩ ግን ሌላ ነገር አስቀምጧል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም የድሮዎቹ ፎንቶች እስከ ዛሬ በብዙ ኮምፒውተር ላይ አሉ፤ ቅርጻቸው የሚያምርም ስለሆነ ዲዛይነር ይወዳቸዋል። ለአርማና ለፖስተር ርዕስ ይሁን። ለሲቪ ጽሑፍ ግን የዩኒኮድ ፎንት ነው የሚያስፈልገው። እኛ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን መረጥን። በነፃ ይገኛል፣ ከቀጭን እስከ ደማቅ የተለያየ ውፍረትም አለው።

የውፍረቱ ነገር ቀላል አይደለም። እንደ ኒያላና አቢሲኒካ ያሉት ፎንቶች ያላቸው አንድ ውፍረት ብቻ ነው። ቦልድ የሚለውን ስንጫን ወርድ ፊደሉን ራሱ ያወፍረዋል፤ ያን ጊዜ እንደ «ጨ»፣ «ጭ» እና «ዥ» ያሉት ፊደሎች ውስጣቸው ይደፈናል። በ10 ፖይንት ታትሞ ሲወጣ የቀለም ነጠብጣብ ይመስላል። በአማርኛ ደግሞ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፣ እንደ ኢታሊክ ያለ የቆየ ልማድም የለንም። ርዕስን ከጽሑፍ የምንለየው በመጠን፣ በውፍረትና በክፍት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ደማቅ ፊደል ያለው ፎንት መምረጥ የግድ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ መልኩ የገባነው።

ግራጫውን ጽሑፍ መጀመሪያ ተመለከትን። የተጠቀመችው ቀለም #B5B5B5 ነበር። በነጭ ላይ ሲሆን የብርሃን ልዩነቱ 2 ለ 1 አካባቢ ነው። ለድረ ገጽ ጽሑፍ የተለመደው የተደራሽነት መመዘኛ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይጠይቃል። ከግራጫዎች ይህን በጭንቅ የሚያልፈው #767676 ነው፤ ከዚያ የፈዘዘ ሁሉ ከመስመር በታች ነው። ለወረቀት ደግሞ ይህም አይበቃም። ጥቁርና ነጭ ፕሪንተር ግራጫን በነጥብ በነጥብ ነው የሚያወጣው፤ ቀጭን ፊደል ሲሆን ይቆራረጣል። ጽሑፉን ወደ ጥቁር የተጠጋ #222222 አደረግነው። አንድ ቀለም ብቻ አስቀረን፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ለርዕሶችና ለሊንክ። ጥቁር አረንጓዴን የመረጥነው በጥቁርና ነጭ ሲታተም እንደ ጥቁር ሆኖ ስለሚወጣ ነው። ብርቱካናማ ቢሆን ኖሮ መካከለኛ ግራጫ ይሆንና ርዕሱ ከጽሑፉ ይልቅ የደከመ ይመስል ነበር።

የጽሑፉን መጠን ወደ 10.5 ፖይንት አሳደግን። የመስመር ክፍተቱን ለእንግሊዝኛው 15፣ ለአማርኛው 16.5 አደረግን። የእኛ ፊደል ከላይም ከታችም ቦታውን ሞልቶ የሚቆም ነው፤ የላቲን ትናንሽ ፊደላት በመስመሮች መካከል የሚተዉትን ዓይነት አየር አይተውም። በተመሳሳይ ክፍተት ሲጻፍ አማርኛው የታፈነ ይመስላል። የክፍል ርዕሶች 12 ደማቅ፣ ስሟ 24። ሦስት መጠን ብቻ። ህዳጉ በአራቱም በኩል 20 ሚሊሜትር።

እዚህ ላይ ልጅቷ ተከፋች። «እንዲህ ከሆነማ የሒሳብ ሠራተኛ ሲቪ ሆነ፤ ዲዛይነር መሆኔ በምን ይታወቃል?» አለች።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እኔ ሲቪ ሳይ ዲዛይነርነትን የምፈልገው ሌላ ቦታ ነው። ቀኖቹ ሁሉ በአንድ መስመር ተሰልፈዋል ወይ? ከርዕሱ በላይ ያለው ክፍተት ከርዕሱ በታች ካለው ይበልጣል ወይ? የአማርኛው ፊደል ከእንግሊዝኛው ጎን ሲቆም መጠኑ ተመጣጥኗል ወይስ አንዱ ሌላውን ውጦታል? የስልክ ቁጥሩ ቁጥሮች በሁለት መስመር ተቆርጠዋል ወይ? በእነዚህ ነገሮች ላይ የተጠነቀቀ ሰው ነገ የደንበኛ ዓመታዊ ሪፖርት ቢሰጠው አያስደነግጠኝም። ጥቁር ዓምድና ክብ ፎቶ ይህን አይነግሩኝም፤ ቴምፕሌት ከማውረድ የሚመጡ ናቸውና።

ቢሆንም ሙሉ በሙሉ አላራቆትነውም። ልጅቷ ስሟን በእጇ በአማርኛ የጻፈችው አንድ የሚያምር ምልክት ነበራት፤ ለተማሪነት ፕሮጀክቷ የሠራችው። እሱን ከላይ በግራ በኩል፣ ቁመቱን 18 ሚሊሜትር አድርገን አስቀመጥነው። ገጹ ላይ ያለው ጌጥ እሱ ብቻ ስለሆነ ዓይን ወዲያው ያርፍበታል። ግን ምልክቱ ሥዕል ነው፤ ኖትፓድ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ከጎኑ ስሟን በተራ ፊደል ጻፍነው። ስም በጌጥ ፊደል ብቻ የሚገኝበት ሲቪ ሲፈለግ ስም የለውም።

የችሎታ መቶኛዎቹን አወጣናቸው። «ፎቶሾፕ 85%» ምን ማለት ነው? ከምኑ 85? የቀረውን 15 አለማወቅሽን ራስሽ ነው የምትነግሪያቸው አልኳት፤ ሳቀች። በምትኩ የሶፍትዌሮቹን ስም በአንድ መስመር ጻፍንና ችሎታው ከሥራው መስመር ላይ እንዲታይ አደረግን። ለምሳሌ ቀድሞ የነበረው መስመር «ለተለያዩ ደንበኞች የፈጠራ ዲዛይኖችን መሥራት» ይል ነበር። ይህ መስመር የማንም ሊሆን ይችላል። ጥያቄ እየጠየቅኳት አብረን ቀየርነው፦ «ለአንድ ቡና ላኪ ድርጅት አርማ፣ የ250 ግራም ማሸጊያና ስቲከር፤ ከንድፍ እስከ ማተሚያ ቤት የቀለም ፍተሻ»። አሁን ማሸጊያ እንደምትሠራ፣ ለኅትመት የሚሆን ፋይል እንደምታዘጋጅ፣ ማተሚያ ቤት ቆማ እንደምታውቅ ገባኝ። ኢላስትሬተር ትችላለች ወይ ብዬ መጠየቅም አያስፈልገኝም።

አንድ የእኛ አገር ብቻ የሆነ ነገርም አገኘን። ትምህርቷን «2010–2014» ብላ፣ ሥራዋን ደግሞ «2022–2023» ብላ ጽፋለች። የመጀመሪያው በእኛ አቆጣጠር፣ ሁለተኛው በፈረንጆቹ ነው። ልብ ብሎ ያላየ ሰው ከተመረቀች በኋላ ስምንት ዓመት ቁጭ ያለች ይመስለዋል። በእንግሊዝኛው ሁሉንም በፈረንጆቹ፣ በአማርኛው ሁሉንም በእኛ አድርገን «ዓ.ም.» ጨመርንበት። የሲቪ ተነባቢነት ሲባል ሰው ስለ ፎንት ብቻ ያስባል፤ ባልደረባዬን ግን ከፎንት ይልቅ የሚያዞራት ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሊንኩ። በእኔ ግምት የዲዛይነር ሲቪ ዋና ሥራው ይህ ነው። እኔ ሲቪውን የማነበው ፖርትፎሊዮውን ልክፈት ወይስ አልክፈት ለሚለው ነው። መክፈት ፈልጌ መክፈት ካቃተኝ የቀረው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ይህ ደግሞ በጣም ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል።

አንደኛው ችግር የልጅቷ ዓይነት ነው፦ አይከን ብቻ፣ ወይም «ፖርትፎሊዮዬን ለማየት እዚህ ይጫኑ» የሚል ጽሑፍ። እኔ በእጄ የያዝኩት ወረቀት ነው፤ ወረቀት አይጫንም። አድራሻው ራሱ በሚነበብ ፊደል፣ ከስልክና ከኢሜይል ጋር በአንድ መስመር መጻፍ አለበት። ደግሞ አጭር መሆን አለበት። ከጎግል ድራይቭ የተቀዳ፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል ከቁጥር የተቀላቀለበት ረጅም አድራሻ ከወረቀት ላይ እያየ የሚተይብ ሰው የለም። ቢሃንስ ላይ ስትመዘገቡ የምትመርጡት ስም አድራሻው ውስጥ ስለሚገባ ከመጀመሪያው ስማችሁን አድርጉት። አቅም ካላችሁ የራስ ዶሜን ስም መግዛት የበለጠ ነው፤ ዛሬ ወደ ቢሃንስ እንዲመራ ታደርጉታላችሁ፣ ነገ የራሳችሁ ድረ ገጽ ሲኖር አቅጣጫውን ትቀይራላችሁ። የተበተነው ሲቪ ላይ ያለው አድራሻ ግን ያው እንደሆነ ይቆያል።

ሁለተኛው ችግር ሊንኩ ሲጫን አለመሥራቱ ነው። በቀለምና በሥር መስመር ሊንክ አስመስሎ መጻፍ ሊንክ አያደርገውም። ኢንዲዛይን ላይ ሊንኩን በ Hyperlinks ፓነል ትሠሩታላችሁ፤ ፒዲኤፍ ስታወጡ ደግሞ Hyperlinks የሚለው ሳጥን መመረጡን ታያላችሁ። ወርድ ላይ Save As ብላችሁ ፒዲኤፍ ካደረጋችሁት ሊንኩ ይኖራል። Microsoft Print to PDF በሚለው በኩል ካወጣችሁት ግን ሊንኩ ይሞታል፤ ገጹን እንደማተም ነውና። ኢላስትሬተር ላይ ለፒዲኤፍ የሚሆን ሊንክ መሥራት እንደ ኢንዲዛይን ቀላል አይደለም። አድራሻውን ከነ https:// ከጻፋችሁት አክሮባት ራሱ ሊንክ መሆኑን ያውቃል፣ የስልክ ፒዲኤፍ ማንበቢያዎች ግን አንዳንዴ ያውቃሉ አንዳንዴ አያውቁም። ለዚህ ነው ሲቪን በኢንዲዛይን ወይም በወርድ ሥሩ የምለው።

ሦስተኛው በር ተዘግቶ መገኘት ነው። ድራይቭ ላይ የተቀመጠ ፋይል ካልተቀየረ በስተቀር ለባለቤቱ ብቻ ክፍት ነው። እኔ ስጫነው ፈቃድ ጠይቅ ይለኛል። ፈቃድ ጠይቄ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም። Anyone with the link የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ኢንስታግራምን እንደ ፖርትፎሊዮ የሚልኩም ብዙ ናቸው። አካውንት ያልገባ ሰው ትንሽ ወረድ ሲል ግባ ይለዋል፤ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ማንም የግል ኢንስታግራሙን መክፈት አይፈልግም። በተጨማሪ እዚያ የሚታየው ሥራ ከልደት ፎቶና ከጓደኞች ጋር ተቀላቅሎ ነው።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማወቅ የሚረዳ ነገር አለ። ሲቪውን ለራሳችሁ በኢሜይልና በቴሌግራም ላኩት። ከዚያ ምንም አካውንታችሁ ያልገባበት የሌላ ሰው ስልክ ላይ፣ ዋይፋይ አጥፍታችሁ በሞባይል ዳታ ክፈቱት። ሊንኩን ተጫኑ። ልጅቷ ይህን በእህቷ ስልክ ስትሞክር ሊንኩ ሠራ፤ ግን የቢሃንሷ የመጀመሪያ ፕሮጀክት ለመጫን በጣም ዘገየ። እያንዳንዱ ምስል ከኢላስትሬተር በሙሉ የኅትመት መጠን የወጣ ነበር። ምስሎቹን በስፋት ወደ 1400 ፒክስል አሳንሰን በጄፔግ ስናወጣቸው በስክሪን ላይ የሚታይ ልዩነት አልነበረም፤ ገጹ ግን ቶሎ መከፈት ጀመረ።

ሲቪው ራሱም ከብዶ ነበር፤ ብዙ ሜጋባይት። ኢላስትሬተር ፒዲኤፍ ሲያስቀምጥ Preserve Illustrator Editing Capabilities የሚለው ከተመረጠ ዋናውን የሥራ ፋይል አብሮ ይከተዋል። እሱን ስናጠፋው ከ1 ሜጋባይት በታች ሆነ።

የሊንኩ መድረሻም መታሰብ አለበት። ልጅቷ ቢሃንስ ላይ የነበሯት ፕሮጀክቶች ብዙ ናቸው፤ የመጀመሪያው ላይ የተቀመጠው ግን ለመለማመድ የሠራችው የአንድ ታዋቂ የጫማ ብራንድ ፖስተር ነው። ሲቪዋ ማሸጊያ ይላል፣ ሊንኩ ጫማ ያሳየኛል። አንባቢ እዚህ ላይ ይደናገራል። የቡናውን ማሸጊያ ወደ መጀመሪያው ቦታ አመጣነው። ከሱ ቀጥሎ ሁለት አርማና አንድ የመጽሐፍ ሽፋን ብቻ አስቀረን፤ የቀሩትን ደበቅናቸው። በእያንዳንዱ ፕሮጀክት አናት ላይ ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፈች፦ ሥራው ለማን እንደሆነ፣ እሷ የሠራችው የትኛውን ክፍል እንደሆነ፣ ምን እንዳስቸገረ። የትኛውን ክፍል እንደሠራች መጻፉ በተለይ ይጠቅማል። የቡድን ሥራን ሙሉ በሙሉ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ሰው ብዙ ስለሆነ እኛ ዓይናችንን እዚያ ላይ እንጥላለን። ያ አንድ የጫማ ፖስተርም የልምምድ ሥራ መሆኑ ተጽፎበት ቢሆን ኖሮ ችግር አልነበረውም።

ሲቪው ላይ ደግሞ የቡናውን ሥራ የሚያወሳው መስመር መጨረሻ ላይ የዚያኑ ፕሮጀክት ሊንክ አስገባንበት። ዋናው አድራሻ ከላይ፣ አንድ ሁለት የቀጥታ ሊንኮች በየሥራው መስመር። በየመስመሩ ሁሉ ከሆነ ገጹ በአረንጓዴ ይሞላና ዋናው ይጠፋል።

ስለ ኪውአር ኮድ ጠየቀችኝ። እኔ ለወረቀት ጥሩ ነው እላለሁ፤ በተለይ የሥራ አውደ ርዕይ ላይ ሲቪ በእጅ ሲታደል። ጎኑ 2 ሴንቲሜትር ይሁን፣ ዙሪያው ነጭ ቦታ ይኑረው፣ በጥቁር ቀለም በነጭ ላይ ይሁን። በኢሜይል ለሚላከው ግን ብዙም አይረዳም። ሲቪውን በስልኩ የከፈተ ሰው ኮዱን በምን ያነሳዋል? የተጻፈውን አድራሻ ተክቶ መግባት ደግሞ ፈጽሞ የለበትም። ኪውአር ኮድ ከሚያመርቱ ድረ ገጾችም ተጠንቀቁ፤ አንዳንዶቹ ኮዱን በራሳቸው አድራሻ በኩል ያዞሩትና የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ይዘጉታል። የራሳችሁን አድራሻ በቀጥታ የያዘ ኮድ አይዘጋም።

ደንበኛ እንዳይወጣ የከለከለው ሥራ ካለስ? እንዲህ ያለውን ሲቪ ላይ በጥቅሉ መጥቀስና «በቃለ መጠይቅ ጊዜ ማሳየት ይቻላል» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ሚስጥር ጠብቆ የሚሠራ ሰው መሆኑን ስለሚያሳይ እኔ በግሌ እወደዋለሁ።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ቦታ አለ። ሲቪውን የሚቀበለው የፈጠራ ክፍሉ ኃላፊ ራሱ ከሆነ፣ በመካከል ሰው ሀብት ከሌለ፣ ሥራውም ሥዕል ወይም አኒሜሽን ከሆነ፣ ደፈር ያለ ገጽ ሊያዋጣ ይችላል። የልጆች መጽሐፍ የሚሥል አንድ ልጅ ሲቪውን በሙሉ በራሱ ገጸ ባሕርያት ሞልቶ ልኮልን ነበር፤ ደስ ብሎን ጠራነው። ግን እሱም ቢሆን በኢሜይሉ ሁለት ፋይል ነበር ያያያዘው፤ አንዱ ሥዕላዊው፣ ሌላው ተራ አንድ ገጽ። ባልደረባዬ ያተመችው ተራውን ነው፤ ሥዕላዊው በእኔ ስክሪን ላይ ቀረ።

የልጅቷ የመጨረሻው ሲቪ አንድ ገጽ ኤ4 ነው። ፎቶውን አወጣነው፤ የጠየቀ ድርጅት ሲኖር ታያይዘዋለች። ሠፈራቸው ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ በጣም ደካማ በሆነው ማሽን አሳተመችው። የአማርኛው ጽሑፍ ሁሉ ተነበበ፤ ከምልክቱ ላይ ግን አንዲት ቀጭን መስመር ጠፋች። እሷን ትንሽ አወፈረቻት።

የፋይሉ ስም «CV final 3 new» ነበር። እኛ ጋ በዚህ ስም ስንት ፋይል እንደሚመጣ ብትቆጥሩ ትስቃላችሁ፤ ባልደረባዬ ስታወርዳቸው እርስ በርስ ይደባለቁባታል። የራሷን ስም፣ «ግራፊክ ዲዛይነር» የሚለውንና ዓመቱን በእንግሊዝኛ ፊደል አድርጋ ቀየረችው። በኢሜይሉ ላይም ፋይሉን አያይዣለሁ ብቻ ብላ አልተወችውም፤ ሁለት መስመር ጽፋ ከሥሩ የፖርትፎሊዮውን አድራሻ ደገመችው። አንዳንድ ቢሮ ያልታወቀ ሰው የላከውን ፋይል ከመክፈቱ በፊት ኢሜይሉን ነው የሚያነበው፤ እዚያው ሊንክ ካለ ሲቪው ሳይከፈትም ሥራው ይታያል።